የኮንክሪት ጉድጓድዎ በእርግጥ ስንት ሊትር ይይዛል?

ጥያቄ፦ ለዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ 5 በ4 ሜትር፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር ጉድጓድ አስቆፍሬ በኮንክሪት አሠራሁት። ግንበኛው 60 ሺህ ሊትር ይይዛል አለኝ። እውነት ነው? አራት የተዳቀሉ የወተት ላሞች አሉኝ፤ ለስንት ቀን ይበቃቸዋል?

መልስ፦ 60 ሺህ የቁፋሮው ልክ ነው። ውሃው የሚቀመጠው ግድግዳው፣ ወለሉና ሶሌታው ከወሰዱት በተረፈው ቦታ ስለሆነ የሚለካው ከልስኑ በኋላ ያለው ውስጡ ነው።

ግድግዳው ከነልስኑ በየጎኑ 25 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ርዝመቱ 4.5፣ ስፋቱ 3.5 ሜትር ይቀራል። ወለሉና ሶሌታው በድምሩ 40 ሳንቲ ሜትር ቢወስዱ ጥልቀቱ 2.6 ሜትር ይሆናል። ነገር ግን ውሃው እስከ ሶሌታው አይሞላም፤ የትርፍ ውሃ ማስወጫ ቱቦው ታችኛ ከንፈር ላይ ሲደርስ መፍሰስ ይጀምራል። እሱ ከሶሌታው 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ የሚሰላው ጥልቀት 2.3 ነው፦

4.5 × 3.5 × 2.3 = 36.225 ሜትር ኩብ

አንድ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር ስለሆነ 36,225 ሊትር ይሆናል። የፓምፑ መምጠጫ ደለል እንዳይስብ ከወለሉ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከተገጠመ ከሥሩ የሚቀረው 3,150 ሊትር አይወጣም። ለላሞቹ የሚደርሰው እንግዲህ 33,075 ሊትር ነው። ላሟ በቀን 80 ሊትር ብትጠጣ አራቱ 320 ሊትር ይጨርሳሉ፤ ወደ 103 ቀን ይሄዳል። በሙቀት ወቅትና ወተት ሲበዛ ፍጆታቸው ስለሚጨምር ከዚህ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል።

እነዚህ ቁጥሮች ግምት ናቸውና የራስዎን ይለኩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «4 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር»ን 4.5 ብሎ ሲጽፍ ነው፤ ትክክሉ 4.05 ነው። በዚህ ጉድጓድ ላይ ይህች ስህተት ብቻ ከ3,600 ሊትር በላይ ታሳስታለች። ግድግዳው ወደ ታች ከጠበበም ርዝመቱንና ስፋቱን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ለክተው አማካዩን ይውሰዱ። ለመለካት ብለው ግን ብቻዎን አይግቡ። በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ያለ አየር ሳይታወቅ ሊያፍን ይችላል፤ ጥልቀቱን ከመክደኛው ሆነው በረጅም ዘንግ መለካት ይቻላል።

ዘንጉን በሳንቲ ሜትር ምልክት አድርገውበት ያስቀምጡት። 4.5 × 3.5 ወለሉ 15.75 ሜትር ካሬ ስለሆነ የአንድ ሳንቲ ሜትር ውሃ 157.5 ሊትር ነው። ትናንት 140 ሳንቲ ሜትር የነበረው ዛሬ በዚያው ሰዓት 136 ካሳየ 630 ሊትር ወጥቷል ማለት ነው። ላሞቹ የጠጡት 320 ብቻ ከሆነ ቀሪው 310 ሊትር የት እንደገባ መፈለግ አለበት። ማታ ፓምፑን አጥፍተው ይለኩ፤ ጠዋት ደግመው ሲለኩ ውሃው ከቀነሰ ጉድጓዱ ወይም ቱቦው እያፈሰሰ ነው። ውሃው እየቀነሰ ሄዶ በአንድ ከፍታ ላይ መውረዱን ካቆመ ደግሞ ስንጥቁን በዚያ ከፍታ ዙሪያ ይፈልጉት።