የኩኪ ሳጥን ገጹን ሲሸፍን

«ከደብረ ማርቆስ ነኝ። በስልኬ አንዳንድ ድረ ገጽ ስከፍት የኩኪ ፈቃድ ሳጥኑ ሁሉንም ይሸፍናል፤ መዝጊያ የለውም። ምን ይሻላል?»

መዝጊያው ሳይኖር አይቀርም፤ ከስክሪኑ በታች ወርዶ ነው። ሳጥኑ ስክሪኑ ላይ ተቸንክሮ ይቀመጣል፤ መልስ እስኪሰጡ ድረስም ከኋላው ያለው ገጽ እንዳይንሸራተት ይቆለፋል። የስልክዎ ፊደል ትልቅ ከሆነ ጽሑፉ ይረዝምና ቁልፎቹን ወደ ታች ይገፋቸዋል። የመጨረሻው መስመር በስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለሁለት ተቆርጦ ካዩ ነገሩ ይኸው ነው።

ስልኩን አግድም ይዘውት ከሆነ መጀመሪያ ያቁሙት። ካልተሻለው በክሮም ሦስቱን ነጥቦች ነክተው «Desktop site» የሚለውን ይምረጡ፤ ሁሉም ነገር ስለሚያንስ ቁልፉ ብቅ ይላል።

ጥፋቱ የገጹ ሠሪ ነው፤ ሳጥኑ በውስጡ እንዲንሸራተት ይህችን ኮድ መጨመር ምን ይገደው ነበር?

```
max-height: 100dvh;
overflow-y: auto;
```