የባንኩ ወለድና የፈረምኩት ውል አልገጥም ሲሉኝ፦ ጥያቄና መልስ

«600 ሺህ ብር በ15 በመቶ ለ4 ዓመት ተበደርኩ። ውሉ ወለድ በቀሪ ዕዳ ላይ ይታሰባል ይላል። በየወሩ 20 ሺህ ብር ይቆረጥብኛል። አልበዛም?»

20 ሺህ የምትለዋ ቁጥር ታጠራጥራለች። የ600 ሺህ ብር የ4 ዓመት ወለድ፣ ዋናው ሳይቀንስ ከታሰበ፣ 360 ሺህ ነው። ዋናው ሲጨመርበት 960 ሺህ ይሆናል። ለ48 ወር ሲካፈል ልቅም ብሎ 20 ሺህ ይመጣል። በቀሪ ዕዳ ቢታሰብ ኖሮ ግን ወርሃዊ ክፍያዎ 16,698 ብር ገደማ ነበር።

ግን ከመጮህዎ በፊት የብድር ሂሳቡን ስቴትመንት ያውጡ። የቁጠባውን አይደለም፣ የብድሩን። የመጀመሪያው ወር ወለድ 7,500 ብር ነው፤ 12,500ው ለዋናው ይሄዳል። ስለዚህ በሁለተኛው ወር ዕዳዎ 587,500 ነው፣ ወለዱም ወደ 7,344 መውረድ አለበት። አሁንም 7,500 ከሆነ፣ ባንኩ በከፈሉት ብር ላይ ጭምር ወለድ እያሰበ ነው። እየቀነሰ ከሄደ ግን የተበላ ገንዘብ የለም። ክፍያው ከፍ ስላለ ብቻ ብድሩ በ38ኛው ወር አካባቢ ያልቃል። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ሄዶ ይጣላል፣ አፍሮም ይመለሳል።

«ወለዱ በየወሩ ያው 7,500 ነው፣ አይቀንስም። ቅርንጫፉ ሄጄ ስናገር "ሲስተሙ ነው" አሉኝ። ደብዳቤ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ሲስተሙን ሰው ነው የሚሞላው። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ስለ ችግርዎ፣ ስለ ልጆችዎ ትምህርት ቤት አይጻፉ፤ ለብድር ክፍሉ ባለሙያ የሚጠቅመው ቁጥር ነው። ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አድርገው እንዲህ ይበሉ፦

«ጉዳዩ፦ የብድር ወለድ በውሉ መሠረት እንደገና እንዲሰላ ስለመጠየቅ። በብድር ሂሳብ ቁጥር … በ… ቀን በፈረምነው ውል አንቀጽ … ወለድ በቀሪ ዕዳ ላይ እንደሚታሰብ ተስማምተናል። በስቴትመንቱ ግን በሁለተኛው ወር፣ ቀሪ ዕዳው 587,500 ሆኖ ሳለ፣ 7,500 ብር ወለድ ተይዟል። በውሉ መሠረት 7,343.75 መሆን ነበረበት። ስለዚህ ከመጀመሪያው ክፍያ ጀምሮ ወለዱ እንደገና እንዲሰላ፣ የስሌቱ ሰንጠረዥ እንዲሰጠኝ፣ በትርፍ የተወሰደውም ከዋናው ዕዳ እንዲቀነስልኝ እጠይቃለሁ። መልሱ በጽሑፍ እንዲሆን አመለክታለሁ።»

የአንዱ ወር ልዩነት 156 ብር ብቻ ስለሆነ አይናቁት። ዕዳው በቀነሰ ቁጥር ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል፤ ሁለተኛውን ወር የጠቀስነው ለማስረዳት ስለሚቀል ነው። የውሉን ገጽና የስቴትመንቱን ኮፒ ያያይዙ። ሁለት ቅጂ ይዘው መዝገብ ቤት ይግቡ፣ በእርስዎ ቅጂ ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም ያስደርጉ። ይህ ከሌለ «ደብዳቤ አልደረሰንም» ቢሉዎት ምንም የሚይዙት የለም። ቅርንጫፉ ዝም ካለ ለዋናው መሥሪያ ቤት፣ ከዚያም ለብሔራዊ ባንክ የሚሄዱት ይህንኑ ቅጂ ይዘው ነው።

«መልስ እስኪመጣ ክፍያ ላቁም?»

በፍጹም። ቅጣት ይቆጠራል፣ መያዣዎም አደጋ ላይ ይወድቃል። ይክፈሉ፤ በደብዳቤው ላይ ግን «ክፍያዬን የምቀጥለው መብቴን እንደጠበቅሁ ነው» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ።

«ዕዳዬ 300 ሺህ ቀርቷል፣ በ15 በመቶ። የምከፍለው ወር በገባ በ30ኛው ቀን ነው። ወለዱ እየቀነሰ መጥቶ መስከረም ላይ 600 ብር ገደማ ጨመረብኝ። ስህተት ነው አይደል?»

ጳጉሜን ነች! ወለድ በቀን ከታሰበ የ300 ሺህ ብር የአንድ ቀን ወለድ 123 ብር ከ29 ሳንቲም ነው። ከነሐሴ 30 እስከ መስከረም 30 ደግሞ 35 ቀን አለ። አምስቱ ቀን 616 ብር ይሆናል። ውሉ በቀን ይታሰባል ካለ ደብዳቤ አያስፈልግም። አንድ ነገር ግን ይዩ፦ ውሉ ዓመቱን 365 ቀን ብሎ ባንኩ በ360 ካካፈለ፣ የቀኑ ወለድ 125 ብር ይሆናል። ያ እንኳን ያስጽፋል።

«ውሉ 15 በመቶ ይላል፣ ከጥር ጀምሮ በ17.5 ያስቡብኛል።»

ውሉን እንደገና ያንብቡ፣ በተለይ ማንም የማያነባቸውን የመጨረሻዎቹን ገጾች። ባንኩ ወለዱን መለወጥ እንደሚችል የሚል አንቀጽ ካለ፣ ጭማሪውን ብቻ ይዞ መከራከር ከባድ ነው። ያኔ የሚያዋጣው ቀኑን መጠየቅ ነው። አንቀጹ አስቀድሞ ማሳወቅን ያዛል? ማስታወቂያው መቼ ደረሰዎት? ከመጋቢት 1 የሚል ደብዳቤ ደርሶዎት ከጥር 1 ከታሰበ፣ የሁለቱን ወር ጭማሪ ያስመልሱ። ቀሪ ዕዳዎ 400 ሺህ ከሆነ በወር 833 ብር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ አንቀጽ ጨርሶ ከሌለ ግን ከላይ ያለውን ደብዳቤ ይውሰዱ፣ የሚጠቅሱትን አንቀጽ፣ ቀኑንና ቁጥሩን ይቀይሩ።