ከኤሊዋ በፊት ባዶውን ጠረጴዛ ፎቶ አንሱ

ጥያቄ፦ «የ6ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ከ40 ተማሪዎቼ ጋር በክሌይ ቅርጽ ሠርተን፣ በስልክ ፎቶ እያነሳን አጭር አኒሜሽን ለመሥራት ሞከርን። ያለን 3 ስልክ ነው። ስናጫውተው ምስሉ ይዘላል፤ ብርሃኑም ቦግ እልም ይላል። ልጆቹ ደግሞ መሃል ላይ ሰልችቷቸው መጣላት ጀመሩ። ምን ይሻላል?»

መምህርት፣ የተበላሸውን ቪዲዮ እንዳይሰርዙት። እንደገና ያጫውቱትና ቅርጹን ትተው የጠረጴዛውን ጠርዝ ብቻ ይመልከቱ። ጠርዙ ከቦታው የሚዘል ከሆነ ስልኩ ወይም ጠረጴዛው ተነካክቷል። ጠርዙ ፀጥ ብሎ ብርሃኑ ብቻ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ችግሩ መብራቱ ወይም ካሜራው ነው። ሁለቱም ካለ ከስልኩ ይጀምሩ።

ስልክን በብዛት የሚያነቃንቀው ፎቶ የሚያነሳው ጣት ራሱ ነው። ስለዚህ ስክሪኑን የሚነካ ሰው አይኑር። በብዙ ስልኮች ባለገመድ ኢርፎን ሰክተው የድምፅ መጨመሪያውን ሲጫኑ ካሜራው ያነሳል። በእናንተ ስልክ ካልሠራ የ2 ሰከንድ ታይመር ይጠቀሙ። ማቆሚያ ለመግዛት አይቸኩሉ። ሁለት የውሃ ሃይላንድ አሸዋ ሞልተው ስልኩን በጎን አስተኝተው ከፊታቸው ያስደግፉት፤ ከዚያ በፕላስተር ግጥም አድርገው ይለጥፉት። የቻርጀሩንም ገመድ ከጠረጴዛው ጋር ይለጥፉ፤ አንድ ልጅ ገመዱን ከነካ ስልኩ ይዞራል። ጠረጴዛው የሚንገዳገድ ከሆነ እግሩ ሥር ካርቶን ይጠቅጥቁ። ስልኩ ኤርፕሌን ሞድ ላይ ይሁን፤ መሃል ላይ ጥሪ ገብቶ ሰው ስልኩን እንዳያነሳ።

ወደ ብርሃኑ ስንመጣ፣ የስልክ ካሜራ ለእያንዳንዱ ፎቶ ብርሃኑንና ቀለሙን ራሱ ያስተካክላል። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ልጅ ጎንበስ ሲል ካሜራው ክፍሉ የበራ መስሎት ምስሉን ያጨልማል። ልጁ ሲመለስ ደግሞ ያበራዋል። ቦግ እልም የሚለው በዚህ ነው። በብዙ ስልኮች ስክሪኑን ቅርጹ ላይ ጫን አድርገው ሲይዙ የቁልፍ ምልክት ወይም `AE/AF LOCK` የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ያን ጊዜ ፎከሱና ብርሃኑ ተቆለፉ ማለት ነው። `Stop Motion Studio` የሚባለውን መተግበሪያ ከተጠቀሙ የካሜራውን ሴቲንግ ከፍተው ከአውቶማቲክ ያውጡት። ይህን አንዱን ብቻ ቢያደርጉ እንኳ ልዩነቱ ይታያል።

መቆለፉ ግን ፀሐይን አያቆምም። ደመና ሲያልፍ ጠረጴዛው በእርግጥም ይጨልማል። ስለዚህ ከመስኮት ይራቁ፤ መስኮቱንም በመጋረጃ ወይም በካርቶን ይሸፍኑና አንድ የኤል ኢ ዲ አምፖል ከጎን ያብሩ። ኤል ኢ ዲው ብዙ ስለማይሞቅ ክሌዩንም አያለሰልስም። አምፖሉን ሲያበሩ የስልኩን ስክሪን ይመልከቱ፤ ጥላ መሳይ መስመሮች ወደ ላይ ወይም ወደ ታች የሚሄዱ ከሆነ አምፖሉን ይቀይሩት።

አሁን ልጆቹን ከመጥራትዎ በፊት ፈተናውን ያድርጉ። ባዶውን ጠረጴዛ፣ ምንም ሳይነኩ፣ 20 ጊዜ ያንሱና ያጫውቱ። አንድ ፎቶ ብቻ የተሰቀለ ከመሰለ ዝግጁ ናችሁ። የሚንቀሳቀስ ነገር ካዩ ቅርጹ ገና አይግባ። እኔ ከዚህ ፈተና በፊት ማንኛውንም ቡድን አላስጀምርም።

ለመጀመሪያ ሥራ ኤሊን እመርጣለሁ። ሰው በሁለት እግሩ ሲቆም ይወድቃል፤ ውስጡ ሽቦ ይፈልጋል። ኤሊ ግን ሰፊና ዝቅ ያለች ናት፣ አትወድቅም። ክሌዩ ዘይት ያለው፣ የማይደርቀው ዓይነት ይሁን። የሸክላ ጭቃና የዱቄት ሊጥ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ መድረቅና መሰንጠቅ ይጀምራሉ። መጀመሪያ ፈዛዛውን ቀለም፣ ቀጥሎ ጥቁሩን ይሥሩ፤ በየመሃሉ እጅ በጨርቅ ይጠረግ።

ታሪኩ እንዲህ ይሁን፦ ኤሊዋ ትሄዳለች፣ ጎመን ታገኛለች፣ ትበላለች፣ አንገቷን ታስገባለች። ጎመኑን ከክሌይ ይሥሩት፤ እውነተኛ ቅጠል ቀረጻው ሳያልቅ ይጠወልጋል፣ በቪዲዮውም ላይ ሲኮማተር ይታያል።

ፍጥነቱን በሰከንድ 10 ፍሬም ያድርጉት፤ ለልጆች ሒሳቡ ይቀላል። ኤሊዋ 30 ሴንቲ ሜትር ትሄዳለች እንበል። በየፎቶው 5 ሚሊ ሜትር ከሄደች 60 ፎቶ ይሆናል፤ ይህም 6 ሰከንድ ነው። ካሜራው በማያየው በኩል ማስመሪያ ይለጥፉ፤ ልጁ ርቀቱን በግምት ሳይሆን በማስመሪያው ይለካ። ስትነሳና ልትቆም ስትል ብቻ እርምጃዋ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይነስ። ያኔ ክብደት ያላት ትመስላለች፤ ፎቶው ጥቂት ይጨምራል እንጂ ሌላ ጣጣ የለውም። ጎመኑ ፊት ቆማ ስታስብ ደግሞ አዲስ ፎቶ አያስፈልግም፤ የመጨረሻውን ፍሬም 5 ጊዜ ኮፒ ማድረግ ይበቃል፣ ግማሽ ሰከንድ ትቆማለች።

ስትንቀሳቀስ ቅርፊቷ በሁለት ጣት ከጎን ተይዞ ይገፋ፤ ከላይ ከተጫኗት ትጠፈጠፋለች። መብላቷን ለማሳየት በየፎቶው ከጎመኑ ጠርዝ በስንጥር ትንሽ ትንሽ ይቆረጥ።

ልጆቹ የተጣሉት ሥራ ስላልነበራቸው ይመስለኛል። ሦስት ስልክ ለ40 ልጅ ማለት በአንድ ስልክ 13 ወይም 14 ልጅ ነው፤ ጠረጴዛው አጠገብ ግን ከሦስት በላይ አያስፈልግም። አንዱ ቅርጹን ያንቀሳቅሳል። አንዱ ያነሳል። ሦስተኛው የፎቶ ቁጥር ይጽፋል፣ ስክሪኑን ያያል፣ ከእያንዳንዱ ፎቶ በፊትም «እጅ ውጭ!» ይላል። እጅ የገባበት ፎቶ እዚያው ይሰረዝ፤ በኋላ መፈለግ አድካሚ ነው። የቀሩት ዳራውን ይሥሩ፣ የሚቀጥለውን ትዕይንት ቅርጽ ያዘጋጁ፣ የእግርና የማኘክ ድምፅ ይቅረጹ። በየ20 ፎቶው ሦስቱ ይቀየሩ። አንዱ ልጅ በትልቁ፣ ሌላው በትንሹ ሊገፋ ይችላል፤ ማስመሪያው የሚጠቅመው ለዚህም ነው።

ለአንድ ፎቶ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይመድቡ። በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ፣ ማዘጋጃው ቀድሞ ካለቀ፣ ከ60 እስከ 70 ፎቶ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ መሄዷን በአንድ ቀን፣ መብላቷን በሌላ ቀን ያንሱ። ለሁለተኛው ቀን ስልኩን ቀረብ ያድርጉና ፊቷንና ጎመኑን ብቻ ያሳዩ። አንግሉ ስለተለወጠ ስልኩን ትናንት የነበረበት ቦታ በትክክል መመለስ አይጠበቅብዎትም።

መብራት ከሄደ ወይም አንድ ልጅ ስልኩን ከገጨም መፍትሔው ይኸው ነው። መጀመሪያ ያለፈውን ፍሬም በስሱ የሚያሳየውን የመተግበሪያውን አማራጭ ያብሩና ሁለቱ ምስሎች እስኪገጥሙ ስልኩን ቀስ አድርገው ይመልሱት። አልገጥም ካለ አይታገሉ፤ ስልኩን በግልጽ ወደ ሌላ ቦታ ያዙሩት፣ እንደገና ይቆልፉት፣ ባዶውን ጠረጴዛ ፈትነው ከዚያው ይቀጥሉ። ትንሽ መዛነፍ ለተመልካች ስህተት ይመስለዋል፤ ትልቅ ለውጥ ግን አዲስ ትዕይንት ሆኖ ያልፋል።