ልደቱን ተወው፣ ቁመቱን ለካ

«ሐዋሳ ውስጥ ከ13 እስከ 15 ዓመት ያሉ ወንዶች ልጆች ኳስ አሠለጥናለሁ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ልምምድ ልስጥ?»

አትስጥ ወንድሜ። ወንዶች በጣም በፍጥነት የሚረዝሙት በአማካይ 14 ዓመት አካባቢ ነው፤ ግን አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይዘገያል። በየሦስት ወሩ ጫማ አስወልቀህ ለካቸው።

እኔ ጋ አንዱ ልጅ በዓመት 5 ሴንቲ ሲጨምር ቆይቶ በሦስት ወር ብቻ 2.5 ጨመረ፣ በዓመት ሲሰላ 10 መሆኑ ነው። ኳስ ከእግሩ መራቅ ጀመረ፣ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያለው አጥንትም ሲነካ ያመው ነበር። ሰነፍክ ብዬ ተቆጣሁት (ጥፋቱ የኔ ነው)። ከዚያ ዝላይና ስፕሪንቱን ቀንሼ ቅብብልና ሚዛን መጠበቅ ላይ አቆየሁት። ከባድ ክብደት ማንሳቱ እድገቱ ረገብ ሲል ይደርሳል። ሕመሙ ካልተወው ወይም ማታ ከቀሰቀሰው ግን ሐኪም ይየው።