«ናፈቀኝ» ከማለታችሁ በፊት ካውያውን አሳዩን

ዱባይ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት እህታችን የዘፈን ግጥም ጀምራ እንድመለከትላት ላከችልኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች እነዚህ ነበሩ፤

ሀገሬ ናፈቀኝ፣ ሆዴ ተሸበረ፤
የናቴ ትዝታ ልቤን አሳረረ።

ምጣኔው ልክ ነው። እያንዳንዱ ሐረግ 6 ቀለም፣ ሙሉው ስንኝ 12 ቀለም አለው፤ የወል ቤት የምንለው ነው። ቤቱም በ«ረ» ይመታል። ስሜቷም የእውነት ነው። ግን አንብቤ ስጨርስ በዓይኔ የቀረ አንድም ነገር አልነበረም። እነዚህን ስንኞች ከጎንደር የወጣም ከሐረር የወጣም፣ ትናንት የተሰደደም ከ30 ዓመት በፊት የተሰደደም ሊዘፍናቸው ይችላል። የእሷ እናት የትኛዋ እንደ ሆነች አናውቅም።

ደወልኩላት። ስለ ሀገር አልጠየቅኋትም። «እህቴ፣ ይህ ስሜት መጨረሻ የመጣብሽ መቼ ነው? እጅሽ ያኔ ምን ይዞ ነበር?» አልኳት። ናፍቆት ሁልጊዜ የሚገባበት በር አለው፤ ሽታ ነው፣ ድምፅ ነው፣ ወይም እጅ የለመደው ሥራ ነው። ያንን በር ካገኛችሁ ግጥሙ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

ልብስ እየተኮሰች ነበር። ካውያው እርጥብ ጥጥ ሲነካ የተነሳው እንፋሎት እናቷ ዘንድ ወሰዳት። ከዚያ ጥያቄዬን አጠበብኩት። እናትሽ የት ነው የምትቀመጠው? ዱካ ላይ፣ በሩ አጠገብ፣ የከሰሉ ጭስ እንዲወጣ። ካውያው ሲበርድስ? ፍሙ እንዲቀጣጠል ወዲህና ወዲያ ታወዛውዘዋለች። ልብሱ ሲደርቅስ? ውሃ በአፏ ይዛ እፍ ትልበታለች። የማን ልብስ ነው? የእኔ የትምህርት ቤት ቀሚስ። መቼ? እሑድ ማታ።

አሁን ብዙ ነገር አለን፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሁሉንም ካስገባነው የዕቃ ዝርዝር ይሆናል። ሁለት ነገር ብቻ እንምረጥ አልኳት፤ አንድ እንቅስቃሴና አንድ ዕቃ። አብረን ስንሞክር ቆይተን ይህን አገኘን፤

የከሰል ካውያዋን እያወዛወዘች፣
የሰኞ ቀሚሴን ጉልበቷ ላይ ያዘች።

ጮክ ብላችሁ ቁጠሩት። «ከሰል» በጽሑፍ ሦስት ፊደል ቢሆንም በአፍ ሁለት ቀለም ነው፤ መጨረሻው «ል» አናባቢ ስለሌለው ከ«ሰ» ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ «የከሰል ካውያዋን» 6 ይሆናል። «እያወዛወዘች» ደግሞ ብቻውን አንድ ሙሉ ሐረግ ሞልቷል፤ ቃሉ ራሱ ወዲህና ወዲያ ስለሚል ካውያው ሲንቀሳቀስ ይሰማናል። እኔ ግን ይበልጥ የምወደው «የሰኞ» የሚለውን ነው። ሰኞ ካልን ትምህርት ቤት ማለት አያስፈልገንም፤ ሌሊቱ የእሑድ መሆኑም ገብቶናል። የውሃው እፍታ ሳይገባ ቀረ። አሳዝኗታል፣ እኔም አሳዝኖኛል፤ ግን ለሚቀጥለው ስንኝ ስንቅ ነው።

የመጀመሪያውን አንጓ ስትጽፉ ሀገር፣ ናፍቆት፣ ትዝታ፣ ልብ፣ እንባ የሚሉትን ቃላት ለጊዜው ከልክሏቸው። «ናፈቀኝ» ቦታው አዝማቹ ላይ ነው። አድማጩ ቀሚሱን ካየ በኋላ አዝማቹ ሲመጣ ማን እንደ ናፈቀ፣ ምን እንደ ጎደለ ያውቃል። በተለይ ዜማው በትዝታ ቅኝት ከሆነ ሐዘኑን ክራሩ አስቀድሞ ይናገራል፤ ግጥሙም ያንኑ ከደገመ ሁለቱ አንድ ነገር ያወራሉ፣ እናት ግን ሳትታይ ትቀራለች።

ሌላው ስሕተት የተውሶ ትዕይንት ነው። ከተማ ያደገ ሰው ከብት ጠብቆ የማያውቀውን መስክ ይጽፋል፤ ወይም አደይ አበባን በሐምሌ ዝናብ ያፈካዋል። አደይ በመስከረም ነው የሚፈካው፤ ይህን የሚያውቅ አድማጭ እዚያው ላይ ግጥሙን ማመን ያቆማል። ያደጋችሁት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆነ የደረጃውን መብራትና የጎረቤቱን «ቡና ጠጡ» ጻፉ።

ትዝታ ደግሞ ስለሚያሳስት፣ የሚጠየቅ ሰው ካለ ሳይመሽ ጠይቁ። እህታችን እናቷ ዘንድ ደወለች። «እማዬ፣ ለምን ነበር ሁልጊዜ እሑድ ማታ የምትተኩሺው?»

«ቀሚስሽ አንድ ብቻ ነበረ እኮ ልጄ» አሏት። «ቅዳሜ አጥቤው እሑድ ማታ ድረስም አንዳንዴ አይደርቅም። በካውያው ነበር የማደርቀው።»

ሁለተኛው አንጓ ከዚያ ጀመረ።