«ሚሊአምፔር ሰዓት» ወይስ «ሚሊአምፔር በሰዓት»?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ የኤሌክትሮኒክስ መደብር እሠራለሁ። የባትሪዎች ማነጻጸሪያ ሠንጠረዥ በአማርኛ ሳዘጋጅ ካርቶኑ ላይ ያለውን mAh «ሚሊአምፔር በሰዓት» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ «በ» ትውጣ አለችኝ። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ባልደረባዎ ናት። ባትሪ 2,000 ሚሊአምፔር ለ10 ሰዓት ሳያቋርጥ ቢሰጥ 20,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ሰጠ ይባላል። ተባዛ እንጂ አልተካፈለም። «በሰዓት» ካሉ ግን እንደ «60 ኪሎ ሜትር በሰዓት» ማካፈል ይሆናል።

«በ» የማባዣ ቃል ነው ብለው የሚሟገቱ አሉ። «ሁለት በሦስት ሲባዛ» እንላለን፤ የምንከራየውም ቤት «ሦስት በአራት» ነው፤ የማካፈያው ቃል «ለ» ነው ይላሉ። ቀላል ሙግት አይደለም፤ እኔንም አንድ ሰሞን አስጨንቆኛል። ነገር ግን «በ» የጊዜ ስም ላይ ስትገባ ጆሮ የሚሰማው «በእያንዳንዱ» የሚለውን ነው። ደመወዝ «በወር አሥር ሺህ ብር» ሲባል ብሩን በወሩ የሚያባዛ የለም።

ቃሉን ካነሳን አይቀር፣ «ሰዓት» በዐይኑ «ዓ» ይጻፍ። ዐረብኛው «ሳዓ» ያንኑ የጉሮሮ ድምፅ እስከ ዛሬ ይዞታል። «ሰአት» የሚለው አጻጻፍ ተስፋፍቷል፤ ስሕተት ነው ብዬ የምከራከርበት ጉልበት የለኝም፣ ዓይኔ ግን አልለመደውም።

ከ«በ» የሚብሰው ጥፋት ሌላ ነው። ባትሪዎችን በሚሊአምፔር ሰዓት ብቻ ካነጻጸሩ ደንበኛዎን ያሳስታሉ፤ ቮልቱ ተረስቷልና። የ20,000 ፓወር ባንክ ከ5,000 የላፕቶፕ ባትሪ አራት እጥፍ ይመስላል። የመጀመሪያውን በውስጡ ሕዋስ 3.7 ቮልት፣ ሁለተኛውን በ11.4 ቮልት አባዝተው ለ1,000 ያካፍሉ፦

| ዕቃ | ሚሊአምፔር ሰዓት | ቮልት | አቅም (ዋት ሰዓት) |
|---|---|---|---|
| ፓወር ባንክ | 20,000 | 3.7 | 74 |
| የላፕቶፕ ባትሪ | 5,000 | 11.4 | 57 |

ልዩነቱ ሲሶ እንኳ አልሞላም። መለኪያው ራስጌው ላይ አንድ ጊዜ ይጻፍ፤ ከሥሩ ቁጥር ብቻ ይደርደር። ራስጌውን «ኃይል» አይበሉት፤ ጋዜጣው «ታዳሽ ኃይል» ሲል የሚጠራቀመውንም በቅጽበት የሚፈሰውንም በአንድ ከረጢት ይከታል። ለዋት ሰዓት «አቅም»ን እመርጣለሁ። ግእዙ «ዐቅም» ልክ፣ ወሰን ማለት ነው፤ ባትሪም የሚይዘው በልክ ነው። «ኃይል» ለዋት ይቆይ።

የመሰኪያው ዓምድ ደግሞ ለሁለት ይከፈል። «ታይፕ ሲ» የቅርጽ ስም እንጂ የፍጥነት ስም አይደለም። ቅርጹ አንድ ሆኖ አንዱ በሰከንድ 480 ሜጋቢት፣ ሌላው 40 ጊጋቢት ያሳልፋል። እዚህ ላይ «በሰከንድ» ትክክል ነው፤ ተካፍሏልና።

መብራት ቆጣሪ ላይ «ኪሎዋት በሰዓት» የሚሉ ጎረቤቶቼን ማረም ትቻለሁ፤ ከመሐንዲሶችም ሰምቼዋለሁ፣ በንግግር ሳይረታኝ አይቀርም። ሠንጠረዥዎ ላይ ግን ያቺ «በ» ትውጣ።