ማሰሪያው ሳይታይ የሚቆረጥ ዓረፍተ ነገር

ጥያቄ፦ «ሊንክዲን ላይ ስለ ራሴ የምጽፈውን ማጠቃለያ በአማርኛ ጻፍኩት። ስልኬ ላይ የሚታየው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ሌላው የሚመጣው ‹see more› ሲጫን ነው። የሚታየው ደግሞ ምንም አይናገርም፤ ‹ኃላፊነት ድረስ› የሚለው ላይ ይቆረጣል። በእንግሊዝኛ ስጽፈው ግን እንዲህ አልሆነም። ‹እኔ› ብዬ ብጀምር ይሻላል? የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይኸውና፦ ‹ላለፉት 11 ዓመታት በተለያዩ የማምረቻና የማከፋፈያ ድርጅቶች ውስጥ ከመጋዘን ሠራተኝነት እስከ ክምችት ቁጥጥር ኃላፊነት ድረስ በመሥራት ያካበትኩትን ልምድ በመጠቀም፣ የተቋማትን የንብረት ብክነት በመቀነስ ረገድ የበኩሌን አስተዋጽኦ በማበርከት ላይ የምገኝ የክምችት አስተዳደር ባለሙያ ነኝ።›»

መልስ፦ ዓረፍተ ነገርዎ ሰዋስዋዊ ስህተት የለበትም። ችግሩ ርዝመቱና የአማርኛ ቃል ቅደም ተከተል አንድ ላይ መምጣታቸው ነው።

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። የድሮ ሰዋስው መምህራን ይህን ግሥ «ማሰሪያ አንቀጽ» ይሉታል። ስሙ ግሩም ነው። ከፊቱ የመጣውን ሁሉ የሚያስረው እሱ ነውና፣ እሱ እስኪመጣ ሌላው ሁሉ ያልታሰረ ሸክም ነው። የእርስዎ ዓረፍተ ነገር 33 ቃላት አሉት። ማሰሪያው «ነኝ» ነው፤ 33ኛው ቃል። እንግሊዝኛ «ነኝ»ን ገና ከመነሻው ስለሚያስቀምጥ የትም ቢቆረጥ ዋናው ነገር ተነግሯል። በአማርኛ ግን መቁረጫው መጀመሪያ የሚወስደው ዋናውን ነው።

ነገሩ በግሡ ብቻ አያበቃም። አማርኛ ገላጩንም ከተገላጩ ያስቀድማል። «በማበርከት ላይ የምገኝ» የሚለው ሁሉ «ባለሙያ» ለሚለው ስም መግለጫ ነው፤ ስሙ ግን ከኋላ ነው። ስለዚህ አንባቢው የማንን መግለጫ እንደሚያነብ ሳያውቅ ይጓዛል። የሚታየውን ክፍል ብቻ እንደገና ያንብቡት፦ «ላለፉት 11 ዓመታት በተለያዩ የማምረቻና የማከፋፈያ ድርጅቶች ውስጥ ከመጋዘን ሠራተኝነት እስከ ክምችት ቁጥጥር ኃላፊነት ድረስ»። እዚህ ውስጥ ስለ ማን እንደሚወራ የሚጠቁም አንድም ምልክት የለም። ስለ እርስዎ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ድርጅት ሊሆን ይችላል፤ ስለ አንድ ጥናት ሊሆን ይችላል። «እኔ» የሚል ምልክት መጀመሪያ የሚገኘው «ያካበትኩትን» ውስጥ፣ «ኩ» የምትለዋ ፊደል ላይ ነው። እሱ 17ኛው ቃል ነው። የሚታዩት 15ቱ ናቸው። በሁለት ቃል አመለጠዎት።

አሁን ብዙዎች የሚወስዱት አጭር መንገድ የእንግሊዝኛውን ቅደም ተከተል አምጥቶ መለጠፍ ነው፦ «እኔ ነኝ የክምችት ባለሙያ ላለፉት 11 ዓመታት የሠራሁ»። ይህን እባክዎ አያድርጉ። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሲነበብ ከሌላ ቋንቋ የተጎተተ መሆኑ ወዲያው ይሰማል። ደግሞም «እኔ ነኝ» በአማርኛ «ሌላ ሰው ሳይሆን እኔ» ማለት ነው። «ማነው በሩን ያንኳኳው?» ሲባል የሚመለስ መልስ ነው። እርስዎን ግን ማንም ከሌላ ሰው ጋር አላምታታዎትም።

መፍትሔው ግሡን ወደ ፊት መጎተት አይደለም። ዓረፍተ ነገሩን ማሳጠር ነው። ግሡ መጨረሻ ላይ ይቀመጥ፤ መጨረሻው ግን ቶሎ ይምጣ። «የመጋዘን ክምችት እቆጣጠራለሁ።» ሦስት ቃል ነው፤ ማሰሪያው ሦስተኛው ላይ መጥቷል። እዚህ ላይ አማርኛ ለእርስዎ ያደላል። «እቆጣጠራለሁ» ሰባት ፊደል ነው። ማን እንደሚሠራ፣ ምን እንደሚሠራ፣ ሥራው ዛሬም እንዳለ፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ አለ። «እ» እና «ለሁ» የእርስዎ ምልክት ናቸው።

የ«እኔ» ጥያቄዎም በዚህ ይመለሳል። ግሡ ባለቤቱን ስለሚናገር «እኔ» ብሎ መጀመር ቦታ ማባከን ነው። «እኔ የመጋዘን ክምችት እቆጣጠራለሁ» ቢሉ ስህተት አይሆንም፤ አንባቢው ግን «ሌሎቹስ?» ብሎ ይጠብቃል። አማርኛ «እኔ»ን የሚፈልገው ንጽጽር ሲኖር ነው። ንጽጽር ካለ ደግሞ ጉልበቱ ትልቅ ነው። ወዲያው እንመጣበታለን።

ከማሳጠሩ በፊት የሚጣሉትን እንጣል። «በመቀነስ ረገድ የበኩሌን አስተዋጽኦ በማበርከት ላይ የምገኝ» ሰባት ቃል ነው። ሥራው ግን አንድ ነው፦ መቀነስ። «እቀንሳለሁ» ቢሉ ምንም አይጎድልም። ይህ አጻጻፍ ከደብዳቤና ከሪፖርት የመጣ ነው። ግሡን ወደ ስም ይለውጠዋል፤ ከዚያ ስሙን የሚሸከም ሌላ ግሥ ይፈልጋል፤ ያንንም ደግሞ ስም አድርጎ «በ...ላይ» ያስከትልበታል። ሪፖርት ላይ አንባቢው ማንበብ ግዴታው ስለሆነ ያልፋል። ሁለት መስመር ላይ ግን አያልፍም።

«የክምችት አስተዳደር ባለሙያ ነኝ» የሚለውም መውጣት ይችላል። ከስምዎ ሥር ባለው መስመር ላይ ይህ ተጽፎ ከሆነ፣ አንባቢው ወደ ማጠቃለያው ሲወርድ አንብቦታል። ስምንም መድገም አያስፈልግም። «እንኳን ወደ ገጼ በደህና መጡ» የሚል ሰላምታም ካለዎት ሁለት መስመር ላይ የመጀመሪያውን ግማሽ ይበላል።

ታዲያ ምን ይግባ? የላኩልኝን ሙሉ ማጠቃለያ አንብቤዋለሁ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ «በዓመት አንድ ጊዜ ይካሄድ የነበረውን የመጋዘን ቆጠራ በየሳምንቱ በከፊል እንዲካሄድ አድርጌያለሁ።» ከጠቅላላው ጽሑፍ የእርስዎ ብቻ የሆነው ይህ ነው። 11 ዓመት የሠራ ብዙ ነው። አንድ ሥራ ሲሠራበት የነበረውን መንገድ የለወጠ ግን ጥቂት ነው። ሳጥኑ 2,600 ፊደል ስለሚቀበል ሰው ቀስ ብሎ ይሞቅና ምርጡን መሀል ላይ ይጽፈዋል። እርስዎም ያደረጉት ይህን ነው።

ያን ይዘን እንዲህ እንጀምር፦

«ቆጠራ በዓመት አንዴ ሲሆን ጉድለቱ የሚታወቀው ከረፈደ ነው። እኔ በየሳምንቱ እቆጥራለሁ። መዝገቡና መደርደሪያው ካልተስማሙ ምክንያቱን ፈልጌ አገኛለሁ።»

«እኔ» አሁን ገባች። የገባችው ከፊቷ «በዓመት አንዴ» የሚቆጥሩ ሌሎች ስላሉ ነው። ንጽጽሩ ባይኖር አወጣት ነበር።

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አሠራርም ልብ ይበሉ። «ጉድለቱ ከረፈደ ይታወቃል» ማለት ይቻል ነበር። «የሚታወቀው ከረፈደ ነው» ስንል ግን ክብደቱ በሙሉ ከ«ነው» ፊት ባለው ቃል ላይ ያርፋል፤ «ከረፈደ» ላይ። አማርኛ አንድን ነገር ለይቶ ማጉላት ሲፈልግ በዚህ መንገድ ይጠቀማል። በአንድ መግቢያ ከአንድ ጊዜ በላይ ግን አይጠቀሙበት፤ ሁለተኛው ላይ ንግግር የሚያደርጉ ይመስላል።

አሁን እንለካው። ስልክዎ ላይ ይታይ የነበረው ክፍል ክፍተቱን ጨምሮ 79 ፊደል ነው። አዲሶቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አራት ነጥባቸውን ጨምሮ 55 ናቸው። በዚህ ልክ ሁለት ሙሉ ሐሳብ ታስሮ ካለቀ በኋላም ቦታ ይተርፋል። በተረፈው ቦታ «መዝገቡና መደርደሪያው ካልተስማሙ» ይገባል፤ መቁረጫው እዚያ አካባቢ ያርፋል። እሱም ያልታሰረ ነው፤ እንደ መጀመሪያው ጽሑፍዎ። ልዩነቱ አንባቢው አሁን ማን እንደሚናገርና ምን እንደሚሠራ ማወቁ ላይ ነው። «ካልተስማሙ» ሲቋረጥ «ምን ይሆናል?» ብሎ ይጠይቃል። «ድረስ» ሲቋረጥ ግን የሚጠይቀው አልነበረውም።

አንድ አደጋ ግን አለ፤ ከሌላው ሁሉ በላይ የምፈራው እሱን ነው። አማርኛ አፍራሹንም የሚያስቀምጠው ማሰሪያው ላይ ነው። «አይደለም»፣ «የለም»፣ «አላደርግም» ሁሉም የሚመጡት መጨረሻ ነው። ጽሑፍዎ ውስጥ «የጉድለቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ የሠራተኞች ሌብነት አይደለም» የሚል ጥሩ ዓረፍተ ነገር አለ። ይህ መቁረጫው ላይ ቢያርፍ የሚታየው ምን ይሆናል? «የጉድለቱ ምክንያት ብዙ ጊዜ የሠራተኞች ሌብነት...» ያሉት ተገልብጦ ወጣ። አብረዎት የሠራ ሰው ቢያነበው ይከፋዋል፤ ቢከፋውም አይፈረድበትም። ስለዚህ መቁረጫው አካባቢ አዎንታዊውን ያስቀድሙ፦ «ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የምዝገባ ስህተት ነው፤ ሌብነት አይደለም።» የትም ቢቆረጥ ሐሰት አይሆንም።

ተመሳሳይ ጥንቃቄ ለእነ «ሠርቼ»፣ «ተምሬ»፣ «አድጌ» ያስፈልጋል። የሰዋስው ስማቸው ቦዝ አንቀጽ ነው፤ ብቻቸውን አያስሩም። «በአካውንቲንግ ተመርቄ፣ መጋዘን ውስጥ ተቀጥሬ፣ ወደ ቁጥጥር ክፍል ተዛውሬ» እያሉ ሲደረድሩ ለአንባቢው ታሪክ ይመስላል፤ ማሰሪያው ግን አሁንም ሩቅ ነው። «ፈልጌ አገኛለሁ» ላይ እንዳደረግነው አንድ ቦዝ ከማሰሪያው ጋር ተጣብቆ ሲመጣ ያምራል። ከሁለት በላይ ከሆነ በአራት ነጥብ ይለያዩት።

ስለ ራስዎ በሦስተኛ መደብ፣ «ባለሙያው ላለፉት ዓመታት አገልግለዋል» ብለው አይጻፉ። በራስ ገጽ ላይ ራስን አንቱ ማለት ነው።

11 ዓመትዎ አልጠፋም። ከሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ ይግባ፦ «ሥራውን የጀመርኩት በመጋዘን ሠራተኝነት ነው። 11 ዓመት ሆነኝ። ዛሬ የክምችት ቁጥጥር ኃላፊ ነኝ።» (እዚህ «የጀመርኩት...ነው» ሁለተኛው ማጉያ ሆነ የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው። ከመቁረጫው በታች ስለሆነና መካከሉ ስለራቀ አይሰለችም።)

ሲጨርሱ መጀመሪያ በስልክ፣ ቀጥሎ በኮምፒውተር ይዩት። መቁረጫው በመሣሪያውና በፊደሉ መጠን ይለያያል፤ ኮምፒውተር ላይ ብዙውን ጊዜ የበለጠ ይታያል። የሚለኩት በጠባቡ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ባዶ መስመር አያስገቡ፤ ባዶውም እንደ መስመር ይቆጠርብዎታል። ከዚያ በሚታየው ክፍል ውስጥ አራት ነጥብ ይፈልጉ። አንድም ከሌለ፣ ማሰሪያው ገና አልመጣም ማለት ነው።